የጎደሉት 12 ንዝረቶች

የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ የኦርጋን ደራሲዎች ከአንዳንድ መነሻ ድምፆች የሸሹት በሒሳብ ምክንያት ነበር።

በሰከንድ 256 ጊዜ የሚርገበገብ «ዶ» እንውሰድ። በንጹሕ ቅኝት «ሚ» የዚህ 5/4 ነው፤ 320 ይሆናል። ሁለቱ አብረው ሲነኩ ድምፁ አይንቀጠቀጥም። በዚያው ስሌት ሁለት ጊዜ ወደ ላይ እንውጣ፦ 400፣ ከዚያም 500። የላይኛው «ዶ» ግን 512 ነው። 12 ንዝረት ጎደለ።

የዘመኑ የተለመደ ቅኝት አዘውትረው የሚነኩትን ንጹሕ አድርጎ፣ ጉድለቱን ብዙ በማይነኩት ላይ ይከምረው ነበር። ከ400 እስከ 512 ያለው ርቀት ጆሮ ይቧጭራል። ስለዚህ ከ«ላ ቤሞል» ተነሥቶ የሚጽፍ ብርቅ ነበር።

ባኽ በ1722 እ.ኤ.አ. በ24ቱም መነሻዎች ጻፈ። ብዙዎች ይህን የእኩል ቅኝት ልደት ያደርጉታል፤ የመጽሐፉ ርዕስ ግን «በሚገባ የተቃኘ» እንጂ «እኩል የተቃኘ» አይልም።

እኩል ቅኝት ጉድለቱን ለሁሉም ያከፋፍላል፤ «ሚ» ወደ 322.5 ከፍ ትላለች። የዛሬ ፒያኖ ከየትኛውም ድምፅ ቢነሣ አይጎረብጥም። ዋጋው ግን አለ፦ የጥንቱ ደራሲ በንጹሑና በሻካራው መካከል የሠራው ልዩነት በዚህ ፒያኖ ላይ አይሰማም።