የኢንተርኔት ሙዚቃ ክፍያ አከፋፈል ስልቶችና በሙዚቃ ባለሙያዎች ገቢ ላይ ያላቸው ተፅዕኖ

ሙዚቃ በካሴትና በሲዲ ይሸጥ በነበረበት ዘመን አድማጩ የሚከፍለው ለመረጠው አልበም ስለነበር ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫ በግልጽ ይታወቅ ነበር። በወርሃዊ ክፍያ ሙዚቃን ከኢንተርኔት በቀጥታ የማዳመጥ አገልግሎት (ስትሪሚንግ) ከተስፋፋ ወዲህ ግን ክፍያው የሚፈጸመው ለአንድ ሥራ ሳይሆን ለአገልግሎቱ ነው። በመሆኑም ገንዘቡ ለማንና ምን ያህል እንደሚደርስ የሚወስነው የአከፋፈል ስልቱ ሆኗል። የትኛው ስልት ለሙዚቃ ባለሙያው የተሻለ እንደሆነ በአውሮፓ የተካሄዱ ጥናቶች ውጤት ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነው።

በአብዛኛዎቹ አገልግሎቶች የሚሠራበት ስልት የጋራ ቋት በመባል ሊገለጽ ይችላል። በአንድ አገር ከደንበኞች የተሰበሰበው ገንዘብ በአንድ ላይ ይደመራል፤ አገልግሎት ሰጪው ከዚህ ውስጥ 30 በመቶ ገደማ ያስቀራል። ቀሪው በዚያ አገር በጠቅላላ ከተደመጡት ጊዜያት ውስጥ እያንዳንዱ ሥራ ባለው ድርሻ መጠን ለመብት ባለቤቶች ይከፋፈላል። ስለዚህ ለአንድ ጊዜ መደመጥ አስቀድሞ የተወሰነ ዋጋ የለም፤ ዋጋው በየወሩና በየአገሩ ይለዋወጣል።

ሁለተኛው ስልት አድማጭን መሠረት ያደረገ አከፋፈል ነው። በዚህ ስልት የእያንዳንዱ ደንበኛ ገንዘብ የሚከፋፈለው ደንበኛው ራሱ ላዳመጣቸው ሙዚቀኞች ብቻ ነው። ሳውንድክላውድ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ይህን ስልት በቀጥታ ከእርሱ ገቢ ለሚያገኙ ሙዚቀኞች ተግባራዊ ማድረግ ጀምሯል።

ልዩነቱን ለመረዳት ሁለት ደንበኞች ብቻ ያሉትን አገልግሎት በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። ሁለቱም በወር 100 ብር ይከፍላሉ እንበል። የመጀመሪያው ወጣት የአንድን ታዋቂ ድምፃዊ ሥራዎች 900 ጊዜ ያዳምጣል፤ ሁለተኛው ሰው ደግሞ የአንድን ክራር ተጫዋች ሥራዎች 100 ጊዜ ብቻ ያዳምጣል። አገልግሎት ሰጪው 60 ብር ካስቀረ በኋላ ለክፍፍል የሚቀርበው 140 ብር ነው። በጋራ ቋት ስልት ድምፃዊው 126 ብር፣ ክራር ተጫዋቹ 14 ብር ይደርሳቸዋል። አድማጭን መሠረት ባደረገው ስልት ግን ለእያንዳንዳቸው 70 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ስልት የክራር አድማጩ ከከፈለው ገንዘብ አብዛኛው አንድም ጊዜ ላላዳመጠው ድምፃዊ መሄዱን ምሳሌው ያሳያል።

የጋራ ቋት ለማጭበርበርም በር ይከፍታል። በተለመደው አሠራር አንድ ሥራ እንደተደመጠ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ከተጫወተ በኋላ ነው። ሌት ተቀን በየ30 ሰከንዱ ሥራ እንዲቀያይር የተደረገ አንድ ሐሰተኛ ደንበኛ በቀን 2 ሺህ 880 ጊዜ፣ በ30 ቀናት ደግሞ 86 ሺህ 400 ጊዜ ሊያስቆጥር ይችላል። በዚህም አንድ ወርሃዊ ክፍያ ብቻ ከፍሎ ከሌሎች ባለሙያዎች ድርሻ ብዙ እጥፍ ይወስዳል። በሁለተኛው ስልት ግን ሊወስድ የሚችለው ራሱ ከከፈለው አይበልጥም። የማጭበርበሩ ምልክቶች ሥራው በሌሊትም በቀንም በእኩል መጠን መደመጡ፣ አድማጮቹ ከአንድ ቦታ መሆናቸውና ማዳመጡ 30 ሰከንድ እንዳለፈ መቋረጡ ናቸው።

ከዚህ በመነሳት ስልቱን መለወጥ ብቻውን የባለሙያውን ችግር የሚፈታ ሊመስል ይችላል። የፈረንሳይ ብሔራዊ የሙዚቃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ይፋ ያደረገው ጥናት ግን የተለየ ገጽታ አሳይቷል። የስፖቲፋይና የዲዘር ድርጅቶችን መረጃ መሠረት ያደረገው ይህ ጥናት አድማጭን መሠረት ያደረገ አከፋፈል ቢተገበር የአሥሩ ቀዳሚ ሙዚቀኞች ገቢ በ17 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አመልክቷል። በደረጃ ከ10 ሺህኛ በታች ያሉት ሙዚቀኞች ገቢ በአማካይ በ5 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በገንዘብ ሲሰላ ግን ይህ ጭማሪ ለአንድ ሙዚቀኛ በዓመት ከጥቂት ዩሮ እንደማይበልጥ ጥናቱ አስረድቷል። ለውጡ ጎልቶ የሚታየው በሙዚቃ ዓይነቶች መካከል ነው፤ እንደ ክላሲካል ያሉት ሲጠቀሙ ወጣቶች ደጋግመው የሚያዳምጡት ራፕ ይጎዳል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ብዙ ታዳሚ ለሌለው ሙዚቀኛ የሚደርሰው ገንዘብ በማናቸውም ስልት አነስተኛ በመሆኑ በመቶኛ መጨመሩ መተዳደሪያ አይሆንም። የብሪታኒያ የውድድርና ገበያዎች ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት፣ በ2021 በአገሪቱ 12 ሚሊዮን ጊዜ የተደመጠ ሙዚቀኛ በዓመት ሊያገኝ የሚችለው 12 ሺህ ፓውንድ ገደማ መሆኑን ገልጿል። ወደዚህ ደረጃ የሚደርሱት ከመቶ ሙዚቀኞች አንድ እንኳን አይሞሉም።

ከአከፋፈል ስልቱ ይልቅ ክብደት የሚኖረው ባለሙያው ከአሳታሚው ጋር የፈረመው ውል ነው። የብሪታኒያው ሪፖርት እንደሚያመለክተው ትላልቅ ኩባንያዎች ለሙዚቀኞች የሚከፍሉት አማካይ የሮያሊቲ ድርሻ በ2012 ከነበረበት 19.7 በመቶ በ2021 ወደ 23.3 በመቶ ከፍ ብሏል። በምሳሌነት ለአንድ ቀረጻ 1 ሺህ ብር ቢደርስና ሙዚቀኛው በውሉ 25 በመቶ ቢያገኝ ድርሻው 250 ብር ነው። የአከፋፈል ስልቱ ተለውጦ የቀረጻው ገቢ በ5 በመቶ ቢያድግ የሙዚቀኛው ድርሻ 262 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ሥራውን ራሱ አሳትሞ ለአከፋፋይ 15 በመቶ ቢከፍል ግን ያለ ምንም የስልት ለውጥ 850 ብር ያገኛል። በእርግጥ በዚህኛው መንገድ የስቱዲዮና የማስተዋወቂያ ወጪው በራሱ ላይ ይወድቃል።

በሁለቱም ስልቶች የማይነኩ ባለሙያዎች ደግሞ አሉ። በስቱዲዮ ቀረጻ ላይ የሚያጅቡ የመሣሪያ ተጫዋቾች በተለመደው አሠራር የሚከፈላቸው ለቀረጻው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ ሥራው ስንት ሚሊዮን ጊዜ ቢደመጥ ተጨማሪ ገቢ አያገኙም። ስፔን ይህን ክፍተት በሕግ ለመሸፈን የመረጠች አገር ናት። በአገሪቱ ሕግ መሠረት ተዋንያን መብታቸውን ለአሳታሚ ካስተላለፉ በኋላም ሥራቸው በኢንተርኔት ለሕዝብ ሲቀርብ በጋራ አስተዳደር ማኅበራቸው በኩል የሚሰበሰብ ክፍያ ያገኛሉ።

አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎች የጋራ ቋቱን ሳይተዉ ማሻሻያ አድርገዋል። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በ12 ወራት ውስጥ 1 ሺህ ጊዜ ላልተደመጠ ቀረጻ ክፍያ አይፈጽምም። ዲዘር ደግሞ በ2023 በፈረንሳይ በጀመረው አሠራር በወር ቢያንስ 1 ሺህ ጊዜ በ500 የተለያዩ አድማጮች የተደመጡ ሙዚቀኞችን ድርሻ በእጥፍ ያሰላል። ሁለቱም ማሻሻያዎች ገንዘቡን ከጀማሪዎች ወደ መካከለኞቹና ወደ ታዋቂዎቹ የሚያዞሩ ናቸው።

በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለተዋንያንና ለድምፅ ሪከርዲንግ ፕሮዲዩሰሮች ጥበቃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872/2007 የጋራ አስተዳደር ማኅበራትን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ተካተዋል። ባለሙያው ከኢንተርኔት የሚያገኘውን ገቢ ለመመርመር በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ሦስት ሰነዶች ናቸው። እነርሱም በየአገሩ የተደመጠበትን መጠን የሚያሳየው የአገልግሎት ሰጪው ዝርዝር፣ ድርሻውን በመቶኛ የሚወስነው ውል እና በቀረጻው የተሳተፉ ተጫዋቾች የስም ዝርዝር ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የትኛውም የአከፋፈል ስልት ለባለሙያው የሚገባውን ክፍያ ለይቶ ማወቅ አያስችልም።