የመጀመሪያውን የሙዚቃ ሄድፎን ለመምረጥ፦ ክፍት፣ ዝግ ወይስ ጆሮ ውስጥ የሚገባ?

ሙዚቃን በጥሞና ለማዳመጥ የመጀመሪያውን ሄድፎን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽረው ዋጋንና የአምራቹን ስም ነው። ከሁለቱ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ ግን ሙዚቃው የት ሆኖ እንደሚደመጥ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ እጅግ የሚያረካ ሄድፎን በአውቶቡስ ውስጥ ከጥቅም ውጭ ሊሆን፣ ብዙ ሰው በሚጋራው መኝታ ክፍል ደግሞ የቅሬታ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከጥራት ማነስ ሳይሆን ከአሠራሩ ነው። ሦስቱ ዋና ዋና ዓይነቶች፣ ማለትም ጀርባው ክፍት፣ ጀርባው ዝግና ጆሮ ውስጥ የሚገባው፣ የሚለያዩት ድምፅን ከውጭው ዓለም ጋር በሚያገናኙበት ወይም በሚለያዩበት መንገድ ነው።

በማንኛውም ሄድፎን ውስጥ ድምፅን የሚፈጥረው በፍጥነት የሚርገበገብ ስስ ሽፋን ነው። ይህ ሽፋን ወደፊት ሲገፋ ድምፅ ወደ ጆሮ ይሄዳል፤ በዚያው ቅጽበት በጀርባው በኩልም ሌላ ድምፅ ይወጣል። በጀርባ የሚወጣው ድምፅ ወዴት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ክፍቱንና ዝጉን ይለያቸዋል።

ጀርባው ክፍት የሆነው

በክፍት ሄድፎን የጆሮው መሸፈኛ ውጫዊ ክፍል በወንፊት መልክ የተሠራ በመሆኑ ከሽፋኑ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ ሳይታፈን ወደ ውጭ ይሄዳል። የጀርመኑ ዘንሃይዘር በ1968 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው ኤችዲ 414 የዚህ ዓይነት ሄድፎን ፈር ቀዳጅ ነው። ድምፁ በጠባብ ሣጥን ውስጥ እየተጋጨ ስለማይመለስ ሙዚቃው ከራስ ቅል ውስጥ ሳይሆን በአድማጩ ዙሪያ ካለው ቦታ የሚመጣ ይመስላል። ክራር፣ ማሲንቆና ከበሮ አብረው በሚሰሙበት ቅጂ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን ስፍራ ይዞ ይለያል። አየር በነጻ ስለሚዘዋወርም ጆሮ ቶሎ አይሞቅም።

የዚህ ነጻነት ዋጋ ድምፅ በሁለቱም አቅጣጫ ማለፉ ነው። ሙዚቃው በአጠገብ ላለ ሰው በግልጽ ይሰማል፤ የማቀዝቀዣው ማሽን ሁምታና የጎረቤት ወሬም ያለ ከልካይ ወደ አድማጩ ይገባል። ከዚህም ሌላ በአብዛኞቹ ክፍት ሄድፎኖች እጅግ ወፍራም የሆነው የባስ ድምፅ ከዝጎቹ ይልቅ ሳሳ ይላል። ስለዚህ ክፍት ሄድፎን የሚስማማው ለብቻው ጸጥ ያለ ክፍል ላለው አድማጭ ነው።

ጀርባው ዝግ የሆነው

ዝጉ ሄድፎን ጆሮን ዙሪያውን በትራስ ከብቦ የጀርባውን ድምፅ በመሸፈኛው ውስጥ ያስቀራል። ወደ ውጭ የሚወጣው ድምፅ ይቀንሳል፤ ከውጭ የሚገባው የሰው ወሬና የሳህን መንቋቋትም ይለዝባል። ሆኖም እንደ አውቶቡስ ሞተር ያለ ወፍራም ድምፅ በትራስ ብቻ እምብዛም አይገታም። ለእንዲህ ዓይነቱ የማያቋርጥ ሁምታ ጩኸትን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚያጠፉት ባለ ባትሪ ሄድፎኖች የተሻሉ ናቸው።

የዝግ ሄድፎን ባስ የተመሠረተው በትራሱ መግጠም ላይ ነው። በትራሱና በቆዳው መካከል ትንሽ ክፍተት ከተፈጠረ ወፍራሙ ድምፅ በዚያ ያመልጣል፤ ሙዚቃውም ቀጭንና ደረቅ ይሆናል። የመነጽር ዘንግ፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ፣ እንዲሁም ወፍራም ሹሩባ ይህን ክፍተት ሊፈጥሩ ይችላሉ። ለማረጋገጥ ሙዚቃው እየተሰማ ሁለቱን መሸፈኛዎች በእጅ ቀስ አድርጎ ወደ ጆሮ መጫን ይበቃል። ባሱ በግልጽ ከጨመረ ትራሱ በትክክል አልገጠመም ማለት ነው። መነጽር ወይም ሻሽ ዘወትር የሚያደርግ ገዢ ሄድፎኑን መሞከር ያለበት እንደዚያው ለብሶ ነው።

ሌላው የዝጉ ችግር ሙቀት ነው። በላብ የሚርሰው የሰው ሠራሽ ቆዳ ትራስ ከጊዜ በኋላ ይቆረፈዳል፣ ይላላጣልም፤ ያን ጊዜ መግጠሙም ባሱም አብረው ይጠፋሉ። ስለዚህ ከግዢ በፊት ትራሱ ለብቻው ተሽጦ የሚቀየር መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

ጆሮ ውስጥ የሚገባው

ይህኛው በሲሊኮን ወይም በስፖንጅ ጫፉ የጆሮን ቀዳዳ ይዘጋል። በጆሮ አፋፍ ላይ ብቻ ከሚያርፈውና ቀዳዳውን ከማይዘጋው የተለመደ ማዳመጫ ጋር መምታታት የለበትም። በትክክል ሲገጥም ከሦስቱ ሁሉ ይበልጥ የውጭውን ጩኸት የሚቀንስ፣ ለጎረቤትም ድምፅ የማያሰማ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ጥሩ ድምፅ ከሚገኝባቸው ዓይነቶችም አንዱ ነው። በአንጻሩ ሙዚቃው በዙሪያ ሳይሆን በጭንቅላት ውስጥ የሚጫወት ይመስላል፤ ቀዳዳው መደፈኑ የማይመቻቸው ሰዎችም አሉ።

እዚህም ወሳኙ መግጠም ነው። በካርቶኑ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ ጫፎች ይገኛሉ፤ ብዙ ገዢዎች ግን መካከለኛውን ሳይቀይሩ ይጠቀማሉ። ባሱ ከጠፋ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ከሳሳ ትልቁን ጫፍ መሞከር ይገባል። የሁለቱ ጆሮዎች ቀዳዳ መጠን ሊለያይ ስለሚችል በግራና በቀኝ የተለያየ ጫፍ መጠቀም ስሕተት አይደለም። ከወራት በኋላ አንደኛው ወገን ድምፁ ቢቀንስ ደግሞ ሄድፎኑ ተበላሽቷል ከማለት በፊት በአፉ ላይ ያለችውን ወንፊት መመልከት ያሻል፤ ብዙ ጊዜ የጆሮ ኩክ ደፍኗት ይገኛል። አፉን ወደ ታች ደፍቶ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ መጥረግ እንጂ በመርፌ መውጋት አይገባም።

ይህ ዓይነት ሄድፎን የመኪና ጥሩንባንና የማስጠንቀቂያ ጥሪን ጭምር ስለሚያፍን መንገድ ሲያቋርጡ፣ ብስክሌት ሲነዱም ሆነ በሥራ ቦታ ሊደረግ አይገባም።

አንድ ምሳሌ

በአንድ መኝታ ክፍል ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር የሚኖር ሠራተኛ እንበል። በሳምንት ስድስት ቀን በድርጅቱ አውቶቡስ አንድ ሰዓት ሄዶ አንድ ሰዓት ይመለሳል፤ በጉዞው ሁሉ ሙዚቃ ይሰማል። ይህ በሳምንት 12 ሰዓት ይሆናል። ክፍት ሄድፎን ቢገዛ የአውቶቡሱ ድምፅ ሙዚቃውን ስለሚሸፍንበት መጠኑን ወደ 86 ዴሲቤል ከፍ አደረገ እንበል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው የማዳመጥ ወሰን 80 ዴሲቤል በሳምንት ለ40 ሰዓት ነው። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ83 ዴሲቤል 20 ሰዓት፣ በ86 ደግሞ 10 ሰዓት ይሆናል። ሠራተኛው እንግዲህ ማታ ምንም ሳያዳምጥ በጉዞው ብቻ ወሰኑን በሁለት ሰዓት አልፏል። ጉዳቱ ቀስ በቀስ የሚደርስና የማይመለስ ነው፤ ካዳመጡ በኋላ በጆሮ ውስጥ የሚሰማ ጭውታ ወይም ድፍንፍን ማለት ድምፁ ከልክ በላይ እንደነበር ያመለክታል።

ይኸው ሰው በሚገባ የገጠመ የጆሮ ውስጥ ሄድፎን ቢያደርግ የአውቶቡሱ ጩኸት ስለሚቀንስለት ያንኑ ሙዚቃ ከ80 ዴሲቤል በታች በግልጽ ሊሰማ ይችላል። ማታም የተኙትን ባልደረቦቹን አይረብሽም። ለእርሱ ምርጫው ግልጽ ነው። የራሱ ክፍል ያለውና ከሥራ ሲመለስ በጸጥታ ለሚያዳምጠው ግን ክፍቱ የበለጠ ደስታ ይሰጣል። ማታ በቤቱ፣ አልፎ አልፎም ሰው ባለበት ክፍል ለሚያዳምጥ ዝጉ መካከለኛ መፍትሔ ነው።

ስልኩ ይችለዋል?

ቦታው ከተወሰነ በኋላ የሚቀረው ስልኩ ሄድፎኑን በበቂ ኃይል ማሠራት መቻሉ ነው። በካርቶኑ ላይ በኦም የሚጻፈው ቁጥር ለዚህ ጠቋሚ ነው። ለምሳሌ ባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ የተባለው ዝግ ሄድፎን በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቷል። መልካቸው ስለሚመሳሰል ቁጥሩን ያላስተዋለ ገዢ 250ውን ወስዶ ከስልኩ ጋር ሲያገናኘው ድምፁ ደካማ ይሆንበታል። ክፍቱ ዘንሃይዘር ኤችዲ 600 ደግሞ 300 ኦም ነው። እንዲህ ያሉት በአብዛኛው ተጨማሪ አምፕሊፋየር ይፈልጋሉ፤ ይህም ሌላ ወጪ ነው። በስልክ ብቻ ለሚያዳምጥ ጀማሪ ከ50 ኦም በታች የሆነው በአመዛኙ ይስማማዋል። ስልኩ የሄድፎን ቀዳዳ ከሌለው ደግሞ የታይፕ ሲ አዳፕተር ዋጋ አብሮ ሊታሰብ ይገባል።

በመደብር ውስጥ መሞከር

ለሙከራ የሚመረጠው አድማጩ በደንብ የሚያውቀው፣ የከበሮ ምትና የድምፃዊ ድምፅ አብረው የሚሰሙበት አንድ ዘፈን ነው። ዘፈኑ በገዢው ስልክ፣ በሁሉም ሄድፎኖች ላይ በተቀራራቢ የድምፅ መጠን መደመጥ አለበት፤ ጮክ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ስለሚመስል ነው። በተጨማሪም መደብር ብዙውን ጊዜ ጫጫታ የበዛበት ስለሆነ እዚያ ዝጉ ከክፍቱ ይበልጣል መባሉ አያስገርምም። በጸጥተኛ ቤት ውስጥ ፍርዱ ሊገለበጥ ይችላል።

ክፍል ለሚጋራ ሰው የመጨረሻው ሙከራ የሚደረገው በቤት ነው። ሄድፎኑን አድርጎ በተለመደው መጠን እያዳመጠ ባልደረባውን በአልጋዎቹ መካከል ባለው ርቀት ላይ ያስቀምጠው፤ ዘፈኑ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ከነገረው ያ ሄድፎን ለዚያ ክፍል አይሆንም። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ዕቃው በስንት ቀን ውስጥ ሊመለስ እንደሚችልና ካርቶኑ መከፈቱ መመለሱን ይከለክል እንደሆነ ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል። በተለይ ጆሮ ውስጥ የሚገቡትን ከተከፈቱ በኋላ በንጽሕና ምክንያት የማይቀበሉ መደብሮች አሉ።