የግብር ኦዲት ጥሪ ሲመጣ፡ ምን ሰነድ እንያዝ፣ ምን እንመልስ?

እዚህ ኒው ሀልፋም ሆነ ገዳሪፍ በኩል ካሉት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ነጋዴ ነበሩ። መተማ ዮሐንስ ሱቅ የነበረው አለ፣ ጎንደር የሸቀጥ መደብር የነበረው አለ፣ ሰሊጥ የሚገዛና የሚሸጥ አለ። ሰው ሲወጣ ንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ (ቲን) መዝገብ ላይ እንደቆመ ይቀራል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ አገር ቤት ያለ ወንድም ወይም እህት ደውሎ «ገቢዎች በስምህ ደብዳቤ ለጥፏል፣ ለኦዲት ቅረብ ይላል» ሲል ነገሩ ዱብ ዕዳ ይሆናል። እኔ አገር ቤት ሳለሁ የነጋዴ ሒሳብ እየሠራሁ ስለኖርኩ ጥያቄው ወደኔ ይመጣል። የምመልሰውን እዚህ በጽሑፍ አስቀምጫለሁ።

ደብዳቤው የማን ነው? ስለ የትኛው ዓመት ነው?

ደብዳቤው እንደ ደረሰ በፎቶ አስልካችሁ በደንብ አንብቡት። ሦስት ነገር ፈልጉ፤ የላከው መሥሪያ ቤት፣ የሚመረመረው የግብር ዘመን፣ የተጻፈበትና የደረሰበት ቀን። በግል ስም የሚሠራ ነጋዴ ግብር ከፋይነቱ ለክልሉ ስለሆነ ጉዳዩ በከተማው ወይም በወረዳው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ይታያል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ ግን ወደ ፌዴራሉ ገቢዎች ሚኒስቴር ይሄዳል።

የግብር ዘመኑ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ባለሥልጣኑ አንድን የግብር ስሌት መለወጥ የሚችለው በአምስት ዓመት ውስጥ ነው። ማጭበርበር ወይም ከባድ ቸልተኝነት ካለ ግን የጊዜ ገደብ የለም። ክልሎች የራሳቸው አዋጅ ስላላቸው አንቀጹንና ቀኑን በዚያው በክልሉ ሕግ አስተያዩ።

ማስታወቂያ በእጅ ባይሰጥም በታወቀው አድራሻ በር ላይ ሊለጠፍ ይችላል። «እኔ አላየሁትም» ማለት ብቻውን አያድንም። ስለዚህ የተዘጋ ሱቃችሁን በር አልፎ አልፎ የሚያይ ሰው ይኑራችሁ።

ማን ይቅረብ?

እናንተ መሄድ ካልቻላችሁ ውክልና ያለው ሰው ይቀርባል። ከመውጣታችሁ በፊት ለወንድም ወይም ለባለቤት የሰጣችሁት የጸና ውክልና ካለ መጀመሪያ እሱን አስነብቡ፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቀርቦ ጉዳይ መፈጸምንና ስለ ግብር መከራከርን የሚጨምር መሆኑን እዩ። አዲስ ውክልና ከውጭ የሚሰጠው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ነው። እዚህ ላይ ግን ቆም በሉ። ስደተኛ ሆኖ ወደ አገሩ ቆንስላ መሄድ በጥበቃው ላይ ጥያቄ ሊያስነሳ ይችላል፤ ከመሄዳችሁ በፊት የካምፑን የጥበቃ ሠራተኛ አማክሩ። ለግብር ጉዳይ ተብሎ የደኅንነት ጉዳይ አይዘነጋም።

የሚቀርበው ሰው ከአገር መቼ እንደወጣችሁ በሰነድ ያሳይ ወይስ አያሳይ የሚለውንም ቀድማችሁ ተስማሙ። የስደተኛ ካርዳችሁ ላይ ያለው የምዝገባ ቀን ንግዱ ከዚያ ወዲህ እንዳልሠራ ጥሩ ማስረጃ ነው። በሌላ በኩል የት እንዳላችሁም ይናገራል። ይህን የሚወስነው ባለቤቱ እንጂ ወኪሉ አይደለም።

የሚሰበሰበው ሰነድ

ሰነዱን በዓመት በዓመት ለዩ። ለተጠየቀው ዓመት ብቻ አምጡ፤ ያልተጠየቀ ዓመት ቦርሳ ውስጥ አይግባ። ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- የግብር ማስታወቂያችሁና የከፈላችሁበት ደረሰኝ፤
- የየዕለቱ ገቢና ወጪ መዝገብ፣ የሽያጭ ደረሰኝ ጥራዝ ወይም የካሽ ሬጅስተር ሪፖርት፤
- የግዢ ደረሰኞች፣ ከድንበር ማዶ የገባ ዕቃ ካለ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን፤
- በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ሱቅ ውስጥ የነበረው ዕቃ ቆጠራ፤
- የቤት ኪራይ ውልና የሠራተኛ ደመወዝ መዝገብ፤
- በስማችሁ ያለ የእያንዳንዱ ባንክ ሒሳብ የዓመቱ ዝርዝር።

ከመተማ ማዶ ከገላባት ወይም ከገዳሪፍ የተገዛ ዕቃ ደረሰኙ በዐረብኛ ነው። አዋጁ መዝገብና ሰነድ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ እንዲያዝ ስለሚል፣ የዐረብኛው ደረሰኝ በነጋዴው ወጪ ሊተረጎም ይገባል። ሳይተረጎም ይዞ የቀረበ ሰው ግዢው ወጪ ሆኖ ሳይያዝለት ሊቀር ይችላል፤ ወጪው ካልተያዘ ደግሞ ትርፉ ሲያብጥ ይታያል።

ሱቁ ተዘርፎ ወይም ተቃጥሎ ሰነዱ ከጠፋ፣ ስለ ዘረፋው ወይም ስለ ቃጠሎው ከፖሊስ ወይም ከቀበሌ የተጻፈ ማስረጃ ይዛችሁ፣ የቀረውን ከሌላ ሰው እጅ ሰብስቡ። ያስረከባችሁ አከፋፋይ የደረሰኙ ቀሪ አለው። ባንኩ ዝርዝሩን ያወጣል። የቤቱ አከራይ ውሉን ይዟል። ሰነድ ከሌለ ኦዲተሩ በግምት ይሠራል፤ ግምት ደግሞ ለነጋዴው አያደላም። የጠፋውን ለመሙላት ተብሎ አዲስ ደረሰኝ ማሠራት ግን ወንጀል ነው፤ የአምስት ዓመቱን ገደብም ይከፍታል።

ዋናው ጥያቄ ከባንክ ይመጣል

ቃለ መጠይቁ ላይ ብዙ ጊዜ ሰው የሚጠመደው ባንክ የገባው ገንዘብ ካሳወቀው ሽያጭ ሲበልጥ ነው። ኦዲተሩ ልዩነቱን «ያልተገለጸ ሽያጭ» ይለዋል። ይህን በአንድ ምሳሌ እንየው።

አንድ የመተማ ሱቅ ባለቤት በ2012 የግብር ዘመን 560,000 ብር ሽያጭ አሳውቋል እንበል። በጊዜው በነበረው አመዳደብ ሽያጩ ከ500,000 በላይና ከ1,000,000 በታች ስለሆነ ደረጃ ‹ለ› ነው። ዓመቱን ሲጀምር 120,000 ብር ዕቃ ነበረው፣ 480,000 ገዛ፣ ሲጨርስ 90,000 ቀረው። የተሸጠው ዕቃ መግዣ 510,000 ሆነ። ኪራይና ሌላ ወጪ 20,000 ነው። ትርፉ 30,000፣ እስከ 2017 በሠራው የግብር ሠንጠረዥ ግብሩ 2,790 ብር።

ሰውየው በ2013 ወጣ፣ ጥሪው በ2016 መጣ። የባንክ ዝርዝሩ ሲታይ በዓመቱ የገባው 790,000 ነው። ልዩነቱ 230,000። ኦዲተሩ ይህን ሁሉ ሽያጭ ብሎ ትርፉ ላይ ቢደምረው ትርፉ 260,000፣ ግብሩ 73,000 ብር ይሆናል። መቀጮና ወለዱ ገና ከዚህ በላይ ነው።

ወኪሉ ወንድሙ ከመቅረቡ በፊት ዝርዝሩን መስመር በመስመር አዩት። 100,000 ብር የደረሰው ዕቁብ ነበር፤ የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ፈርመው ሰጡ፣ የከፋዮቹም መዝገብ አለ። 60,000 ከዘመድ የተበደረው ነው፤ ውሉ ላይ ምስክሮች አሉ፣ ገንዘቡም ከዘመዱ ሒሳብ እንደወጣ ይታያል። 40,000 ከራሱ ቁጠባ ሒሳብ ወደ ንግድ ሒሳቡ ያዛወረው ነው፤ ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። የቀረው 30,000 ማስረጃ አልተገኘለትም። ወንድሙም ስለዚህኛው «ማስረጃ የለንም» አለ እንጂ ታሪክ አልፈጠረም። ትርፉ 60,000፣ ግብሩ 8,370 ሆነ። ከ73,000 ወደ 8,370 የወረደው በንግግር ብዛት አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ገቢ አንድ ወረቀት ስለቀረበ ነው።

በሐዋላ ወይም በእጅ የመጣ ገንዘብ እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ባንክ ውስጥ የላኪው ስም አይታይም። የላከው ሰው መቼና ስንት እንደላከ ጽፎ ቢፈርም፣ በጊዜው የተላላካችሁት መልእክት ቢኖር ያግዛል። ቀኑና መጠኑ ከባንኩ መስመር ጋር መግጠም አለበት፤ ካልገጠመ አይረዳም።

ምን እንመልስ?

የተጠየቀውን ብቻ መልሱ። «ዕቃ ከማን ትገዛለህ?» ሲባል የአቅራቢውን ስም ተናገሩ፤ ስለ ጎረቤት ሱቅ ማውራት አያስፈልግም። ያላወቃችሁትን በግምት አትመልሱ። «በቀን ስንት ትሸጥ ነበር?» ተብሎ «ኧረ ሦስት ሺህም አራት ሺህም» የሚል መልስ በ300 ቀን ይባዛል፤ 3,000 በ300 ማለት 900,000 ብር ነው። ከመዝገቡ ውጭ የተነገረ ቁጥር እንዲህ ነው የሚሆነው። ትክክለኛው መልስ፦ «የየዕለቱ መዝገብ ይኸው፣ ከዚያ ይታይ» ወይም «አሁን በቃሌ አላውቀውም፣ አጣርቼ በጽሑፍ አመጣለሁ፣ ቀን ይሰጠኝ» ነው።

ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሱ። ዋናውን የግድ ካሉ የሰነዶቹ ዝርዝር ተጽፎ፣ ተፈርሞ ይሰጣችሁ። ቃላችሁ ተጽፎ ፈርሙ ሲባል እስከ መጨረሻው አንብቡ፤ ያላላችሁት ካለ እዚያው አስተካክሉና ፈርሙ። «በዚህ ያህል እንጨርሰው» ብሎ ያለ ደረሰኝ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አትስጡ። የተከፈለው ገንዘብ ዕዳውን አይቀንስም፣ እናንተንም ወንጀለኛ ያደርጋል።

ምርመራው ሲያልቅ ኦዲተሩ ያገኘውን የሚነግርበት የመውጫ ውይይት አለ። የጎደለ ወረቀት ካለ ሳይወሰን ለማቅረብ ያ የመጨረሻው ምቹ ቀን ነው።

ውሳኔው ከደረሰ በኋላ

በፌዴራሉ አዋጅ ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ነው። ቅሬታው የትኛው ቁጥር፣ ለምን ስህተት እንደሆነ፣ ምን ሊሆን እንደሚገባው ይጻፍበት። «ግብሩ በዝቶብኛል» ብቻ ተብሎ የተጻፈ አይሠራም። ካምፕ ላለ ሰው 21 ቀን አጭር ነው፤ ኔትወርክ የሚጠፋበትን ቀንም አስቡ። ስለዚህ ወኪሉ ውሳኔውን በተቀበለ ዕለት ፎቶውን ይላክላችሁ፣ ቀኑን ከዚያ ቁጠሩ።

ጥሪ ያልመጣባችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስጨርሱ። የቆመ ንግድ በመዝገብ ላይ እስካለ ድረስ የየዓመቱ ግብር በግምት ሊወሰንበት ይችላል። ወኪል ያለው ሰው ንግዱ የቆመበትን ቀን በጽሑፍ ያሳውቅ፣ ፈቃዱን ይመልስ፣ የገባበትን ማኅተም ያለው ኮፒ ይያዝ። አንድ ቀን መተማን ተሻግሮ ለሚመለስ ሰው ያ ኮፒ ቤት ይጠብቀው።