ሦስት ጨዋታ በአንድ ወረቀት፦ የእንግሊዝ አወራራጆች ስሌት

በእንግሊዝ የውርርድ ሱቆች በሕግ የተፈቀዱት እ.ኤ.አ. በግንቦት 1961 ነው። በእግር ኳስ ለመወራረድ ወደ ሱቁ የገባ ሰው ግን አንድ ጨዋታ ብቻ መርጦ ገንዘብ ማስያዝ አይፈቀድለትም ነበር። በቴሌቪዥን በቀጥታ እንደሚተላለፉት ካሉ ጥቂት ጨዋታዎች በስተቀር ቢያንስ ሦስት ውጤቶችን በአንድ ወረቀት ላይ ማጣመር ነበረበት። ደንቡ እስከ 1990ዎቹ መገባደጃ ዘልቋል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት አስቀድሞ ውጤት መሸጥን ለመከላከል ነው የሚል ነው። ነገር ግን በታኅሣሥ 1962 በጂሚ ጎልድ የተመራው ቡድን በአንድ ቀን በሦስት ጨዋታዎች ላይ ተደራድሮ ሦስቱን አጣምሮ ተወራርዷል። ስለዚህ እኔ ምክንያቱን በሒሳቡ ውስጥ መፈለግ እመርጣለሁ።

አንድ ጨዋታ እንውሰድ። ለባለሜዳው ድል 1 ለ1፣ ለአቻ 11 ለ5፣ ለእንግዳው ድል 13 ለ5 ዋጋ ተቆርጧል እንበል። በ11 ለ5 ዋጋ 5 ፓውንድ ያስያዘ ሰው ከቀናው 11 ያተርፋል፤ መደቡም ሲመለስለት በእጁ 16 ይገባል። 5 ለ16 ሲካፈል 31.25 ከመቶ ይሆናል፤ ዋጋው የሚናገረው ዕድል ይህ ነው። በዚሁ መንገድ የባለሜዳው 50፣ የእንግዳው 27.78 ከመቶ ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ መሆኑ ስለማይቀር እውነተኛው ድምር 100 ነው፤ የእኛው ግን 109.03 ወጣ። ከመቶ በላይ ያለው 9.03 «ኦቨርራውንድ» ይባላል።

ይህ ቁጥር በቀጥታ የአወራራጁ ትርፍ ተደርጎ ሲጠቀስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። አይደለም። በሦስቱ ውጤቶች ላይ 50፣ 31.25 እና 27.78 ፓውንድ ቢያዝ፣ አወራራጁ 109.03 ሰብስቦ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን 100 ይከፍላል። የቀረው 9.03 ከሰበሰበው 8.3 ከመቶ ነው። ይህም ገንዘቡ በዚያ ልክ ከተከፋፈለ ነው፤ ሁሉም ወደ ባለሜዳው ካደላና ባለሜዳው ካሸነፈ አወራራጁ ይከስራል።

አሁን ወደ ሦስቱ ጨዋታዎች እንመለስ። ዋጋዎቹ እርስ በርስ ሲባዙ በውስጣቸው ያለው ቅነሳም አብሮ ይባዛል። ቅነሳው በሦስቱም ውጤቶች ላይ እኩል ተደልድሎ ከሆነ፣ ከአንድ ጨዋታ 100 ፓውንድ በአማካይ 91.7 ይመለሳል፤ ሦስት ሲጣመሩ 77.2፣ አምስት ሲጣመሩ 65 ገደማ። በተግባር ግን ቅነሳው ብዙውን ጊዜ የማሸነፍ ዕድላቸው አነስተኛ በሆኑት ላይ ይከብዳል፤ እነርሱን የሚያጣምር ተወራራጅ ከዚህም ያነሰ ይመለስለታል።

ዛሬ በአዲስ አበባ የምናያቸው ብዙ ጨዋታ የተደረደረባቸው ቲኬቶች የሚሠሩት በዚሁ ብዜት ነው። ስሌቱን መሞከር የሚፈልግ ተማሪ፣ «ኦድ» በአስርዮሽ ስለሚጻፍ፣ 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍሎ ሦስቱን ይደምር። በቲኬቱ ላይ የታተመው የተመረጠው ውጤት ኦድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ከሌሉ ኦቨርራውንዱን ማወቅ አይቻልም።