የቀድሞ ፎቶግራፍና በግምት የተቀባ ቀለም

የአያቶቻችንን ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ቀለም መቀባት ዛሬ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ቀድሞ ሠዓሊ በብሩሽ ይደክምበት የነበረውን አሁን ኮምፒዩተር በጥቂት ደቂቃ ይፈጽመዋል። ነገር ግን ካባው ቀይ ሆኖ ሲታይ፣ ያ ቀለም ከፎቶግራፉ የተገኘ ነውን? ወይስ የቀቢው ግምት ነው? ይህን መመርመር ይገባናል።

ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ የሚይዘው የብርሃንን ብዛትና ማነስ ነው እንጂ ቀለሙን አይደለም። በዚያም ላይ የጥንቱ የፎቶግራፍ መስተዋት እንደ ዓይናችን አያይም ነበር። የሚቀበለው ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ብርሃን ስለ ነበረ፣ ሰማያዊ ልብስ ነጣ ብሎ፣ ቀይና ብጫ ልብስ ግን ጠቁሮ ይወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሊቅ ኸርማን ፎግል በማቅለሚያ አማካይነት መስተዋቱ አረንጓዴውንም ብርሃን እንዲቀበል የሚያስችል መንገድ አገኘ፤ ቀዩ ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ጠቁሮ መውጣቱን አላቆመም።

ለዚህ ነገር የታመነ ምስክር አለን። ሩሲያዊው ፎቶግራፍ አንሺ ፕሮኩዲን ጎርስኪ እ.ኤ.አ. በ1911 ዓ.ም. የቡኻራውን አሚር ዓሊም ኻንን ሲያነሣ፣ አንዱን ምስል በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቀይ መስተዋት እያጣራ ሦስት ጊዜ አነሣው። ሦስቱ ሲደራረቡ የአሚሩ ካባ ደማቅ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ለየብቻቸው ሲታተሙ ግን፣ በሰማያዊው የተነሣው ካባውን ፈካ አድርጎ፣ በቀዩ የተነሣው አጥቁሮ ያሳየዋል። እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ተርፎ ቢሆን፣ የካባውን እውነተኛ ቀለም ማን በእርግጥ ሊናገር ይችል ነበር?

ወደ ቤታችን ፎቶግራፍ ስንመለስም ነገሩ ይኸው ነው። የአያታችን ካባ ጠቁሮ ቢታይ፣ ጥቁር ወይም ቀይ ወይም ጥልቅ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። የነጠላው ጥለትም እንደዚሁ ነው። ኮምፒዩተሩ ቀድሞ ከተማረባቸው ሥዕሎች የተለመደውን ቀለም ይሰጠዋል እንጂ ያንን ካባ አያውቀውም። ያው ፎቶግራፍ በሁለት ልዩ ልዩ መሣሪያ ተቀብቶ ቀለሙ ቢለዋወጥ፣ ግምት ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ቢስማማም ሁለቱ አንድ ዓይነት ግምት ገምተው ሊሆን ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም።

እምነት የሚጣልበት ማስረጃ ከፎቶግራፉ ውጭ ይገኛል። ልብሱ በሣጥን ተቀምጦ ቆይቶ እንደ ሆነ፣ በእጥፋቱ ውስጥ ፀሐይ ያልነካው ክፍል ይታይ። የኒሻን ጥብጣብ ቀለም በደንብ የተወሰነ በመሆኑ ያለ ሐሳብ ይቀባል። ልብሱን ያዩ ሽማግሌዎች ካሉም፣ የተቀባው ፎቶግራፍ ሳይታያቸው በፊት ለየብቻቸው ይጠየቁ፤ ሥዕሉን አስቀድመው ካዩ ትዝታቸው ወደ ሥዕሉ ያደላልና።

ስለዚህ ዋናው ፎቶግራፍ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ከተቀባውም በስተጀርባ የትኛው ቀለም በማስረጃ፣ የትኛው በግምት እንደ ተቀባ ይጻፍ። ይህ ካልተደረገ፣ የልጅ ልጆቻችን አያታቸው ለብሳው የማታውቀውን ቀለም እንደ እውነተኛ ታሪክ ይወርሳሉ።