የስሜት ሕዋሳት ግጭት፦ ባሕር ለምን ያጥወለውላል?

ባሕር ላይ የሚያጥወለውለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያማርረው በበላው ምግብ ነው። ሕመሙ ሆድ ላይ ስለሚበረታ አይፈረድበትም፤ መነሻው ግን ጆሮና አንጎል ነው። በእንግሊዝኛ «ሴንሰሪ ኮንፍሊክት» የሚባለውን ይህን መነሻ በአማርኛ «የስሜት ሕዋሳት ግጭት» ልንለው እንችላለን። በውስጥ ጆሯችን ፈሳሽ የሞላባቸው ሦስት ቀጫጭን ቱቦዎች የጭንቅላትን መዞር፣ ከአጠገባቸው ያሉ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች ደግሞ ከፍና ዝቅ ማለትን ለአንጎል ያሳውቃሉ። መርከብ ውስጥ ክፍሉን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ጆሮው እየተናጠ መሆኑን ሲነግረው፣ ግድግዳውና ጠረጴዛው አብረውት ስለሚናጡ ዓይኑ ምንም እንዳልተንቀሳቀሰ ይነግረዋል። በተለይ የሚከፋው በአምስት ሰከንድ ገደማ አንድ ጊዜ የሚያነሳና የሚጥል ዝግ ያለ ማዕበል ነው።

ለዚህ ጠንካራው ማስረጃ የተገኘው የአሜሪካ ባሕር ኃይልና ናሳ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከጋሎዴት ኮሌጅ በመጡ 11 መስማት የተሳናቸው ወንዶች ላይ ካደረጉት ምርምር ነው። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም መስማት ያቆሙት በማጅራት ገትር ሲሆን፣ በሽታው የውስጥ ጆሯቸውን የሚዛን ክፍልም ጎድቶታል። በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አቅራቢያ ባሕሩ በተናወጠ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ሲታመሙ፣ እነሱ ግን ካርታ ይጫወቱ ነበር። ሆዳቸው እንደ ማንም ሰው ሆድ ነው፤ የጎደላቸው የጆሮው መልእክት ብቻ ነው።

«ግጭቱ የዓይንና የጆሮ ከሆነ ዓይነ ስውራን ለምን ይታመማሉ?» የሚል ጥያቄ ቢነሳ ተገቢ ነው፤ በእርግጥም ይታመማሉ። አንጎል የሚያነጻጽረው ሁለቱን ሕዋሳት ብቻ ሳይሆን፣ የደረሰውን መልእክት ከለመደውና ከሚጠብቀው ጋር ጭምር ነው። መሪ የጨበጠ ሰው ከተሳፋሪው ያነሰ የሚታመመው ቀጣዩን እንቅስቃሴ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ነው። ብዙዎችም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ የሚሻላቸው አንጎላቸው አዲሱን ንጠት ስለሚለምድ ነው።

ሰው ከሰው የሚለየውም በዚሁ ሥርዓት ንቃት እንጂ በወኔ አይደለም። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እምብዛም አይታመሙም፤ በዘጠኝና በአሥር ዓመት ዕድሜ አካባቢ ግን ይበረታል። ማይግሬን ያለባቸው በቀላሉ ይጠቃሉ፤ የዘር ውርስም ድርሻ አለው።

ስለዚህ የሚረዳው ግጭቱን የሚቀንስ ነገር ነው፦ ንጠቱ በሚያንስበት በመርከቡ መሃል መሆን፣ አድማሱን ማየት፣ ካልተቻለም ዓይንን ጨፍኖ መተኛት። ስልክና መጽሐፍ ያባብሳሉ። ዳይመንሃይድሪኔት የተባለው ክኒን ከጉዞው ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል፤ ማጥወልወሉ ከጀመረ በኋላ ጨጓራ ሥራውን ስለሚያዘገይ ክኒኑ እዚያው ይቀራል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ አራት ሰዓት ቀድሞ ተለጥፎ እስከ ሦስት ቀን ይሠራል፤ አፍ ያደርቃል፣ ለአንዳንድ የግላኮማ ሕሙማንም አይሆንም። ማጥወልወልን ይከላከላል ተብሎ የሚጠለቀው የእጅ አንጓ አምባር ግን በሙከራ ከሐሰተኛው አምባር የተሻለ ውጤት በአስተማማኝ ሁኔታ አላሳየም። «እኔን ረድቶኛል» የሚል ሰው አይዋሽም፤ ነገር ግን አምባሩን ባያጠልቅም በሦስተኛው ቀን ሊሻለው ይችል ነበር።