የርኅራኄ ድካም፦ ምንነቱ፣ ምልክቶቹና የመሥሪያ ቤቶች ድርሻ

የርኅራኄ ድካም በየዕለቱ የሌሎችን ሥቃይ በሚሰሙና በሚመለከቱ ባለሙያዎች ላይ የሚደርስ የሥነ ልቦና ጉዳት ነው። ስያሜውን ካርላ ጆይንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ስለ ድንገተኛ ክፍል ነርሶች በጻፉት ጽሑፍ የተጠቀሙበት ሲሆን፣ የሥነ ልቦና ምሁሩ ቻርልስ ፊግሊ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፋፍተውታል።

በአዲስ አበባ በጊዮርጊስና በፒያሳ አካባቢ በጎዳና ላይ የሚኖር አንድ ሕፃን ወደ አገልግሎት ሲመጣ ታሪኩ በብዙ ጆሮ ያልፋል። በመጀመሪያ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ መረጃውን ይመዘግባል፤ ከዚያም ነርስ ቁስሉን ታክማለች፤ ትምህርት ቤት ሲገባ ደግሞ መምህሩ በክፍል ውስጥ ያለውን ዝምታ ይመለከታል። ሕፃኑ ጉዳቱን የኖረው ራሱ ነው፤ ሦስቱ ባለሙያዎች ግን ጉዳቱን ከሌሎች ሕፃናት ታሪክ ጋር ደርበው ይሸከማሉ።

ከሥራ መዛል በምን ይለያል?

የሥራ መዛል የሚመጣው ከሥራ ብዛት፣ ከሰው ኃይል እጥረትና ከአሠራር ችግር ነው። ቀስ በቀስ ይገነባል፤ ዕረፍትና የሥራ ጫና መቀነስም ያቀልለዋል። የርኅራኄ ድካም ግን ከሚሰማው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ባለሙያው የተገልጋዩን ታሪክ በሕልሙ ያያል፤ ተመሳሳይ ጉዳይ ሲመጣ ይደነግጣል ወይም ይሸሻል። በዓመት ፈቃድ ዐርፎ ወደዚያው ወንበር ሲመለስም ምልክቶቹ ሊመለሱ ይችላሉ።

ችግሩ አስቀድሞ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ መዝገብ ነው። ባለሙያው መልሱን መስማት የሚፈራውን ጥያቄ መጠየቅ ያቆማል፤ ጥቃትን የሚመለከተው የቅጹ ክፍል ባዶ ይቀራል ወይም «የለም» ተብሎ ይሞላል። በዚህ ምክንያት የሕክምናና የሕግ ድጋፍ የሚገባው ሕፃን ሳይለይ ይታለፋል። አንድ ኃላፊ የአንድ ባለሙያ ቅጾች ከቀድሞው እያጠሩ መምጣታቸውን ካየ፣ ስንፍና ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት ባለሙያውን ማነጋገር ይገባዋል።

እንዴት ይለካል?

በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ቤት ስታም ያዘጋጁት የሙያ ሕይወት ጥራት መጠይቅ ነው። ባለፉት 30 ቀናት የነበረውን ሁኔታ የሚጠይቁ 30 ዐረፍተ ነገሮች ያሉት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ውጤቱ በሦስት ይከፈላል፦ ከሥራ የሚገኝ እርካታ፣ የሥራ መዛልና ከሌሎች ጉዳት የሚተላለፍ የሥነ ልቦና ጫና። በእያንዳንዱ ክፍል 22 እና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ ከ23 እስከ 41 መካከለኛ፣ 42 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ይባላል።

ለማሳያ ያህል፣ አንዲት የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በእርካታ 38፣ በሥራ መዛል 24፣ በተላላፊ ጫና ደግሞ 43 አገኘች እንበል። ሥራዋን አልጠላችም፤ የሥራ ብዛቱም ዋናው ምክንያት አይደለም። ችግሩ ያለው በምትሰማው ታሪክ ላይ በመሆኑ ዕረፍት ብቻ በቂ አይሆንም። የቅርብ ኃላፊዋ አዲስ የጥቃት ጉዳዮችን ለጊዜው ለሌሎች ባልደረቦች ያከፋፍላል፤ በየሳምንቱም ልምድ ካለው ባለሙያ ጋር ስለ ከባድ ጉዳዮች የምትመክርበት ቋሚ ሰዓት ይመድባል። መጠይቁ ያለፉትን 30 ቀናት ስለሚመለከት፣ ለውጡን ለማየት ከአንድ ወር በኋላ ይደገማል።

መጠይቁ የበሽታ መመርመሪያ አይደለም። ውጤቱም በግል ማኅደር ውስጥ ሊገባ ወይም ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ሊውል አይገባም። እንዲህ ከተደረገ ሠራተኛው እውነተኛውን መልስ አይሰጥም፤ መለኪያውም ዋጋ ያጣል።

ጥንቃቄ የሚሹ ጉዳዮች

ከአሰቃቂ ክስተት በኋላ ሠራተኞችን በአንድ ጊዜ ሰብስቦ ያዩትን በዝርዝር እንዲናገሩ ማስገደድ አይመከርም። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን አሠራር አይደግፍም። ለመናገር የፈለገ ሰው የሚያዳምጠው ባልደረባ ማግኘቱ፣ ያልፈለገም ዝምታው መከበሩ የተሻለ ነው።

ጫናውን ከሚያከብዱት ነገሮች አንዱ አቅም ማጣት ነው። መምህር የተራበ ተማሪ አይቶ ምንም ማድረግ ካልቻለ ሐዘኑ ከእርሱ ጋር ይቀራል። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብር ሲኖር ግን የሚያደርገው ነገር ያገኛል። በመሆኑም ነርስም ሆነች የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ተገልጋዩን ወደ ማን እንደሚልኩ የሚያሳይ፣ በሥራ ላይ የሚውል የቅብብሎሽ ሥርዓት መዘርጋት ለተገልጋዩም ለባለሙያውም ይጠቅማል።

የእንቅልፍ መዛባት፣ ድንጋጤ ወይም ከሰው መራቅ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ባለሙያው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ሊሄድ ይገባል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይላካል። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ግን አንድም ቀን መጠበቅ አይገባም።